ኢ-ተስማሚነትን መመደብና የማስተካከያ እርምጃ አጻጻፍ በምግብ ደህንነት ኦዲተር ፈተና

ኢ-ተስማሚነት ማለት አንድ መስፈርት ሳይሟላ መቅረት ነው። በሥራ ቦታ «ኖንኮንፎርሚቲ»፣ በአጭሩም «ኤንሲ» ሲባል ይሰማል። የምግብ ደህንነት ሥራ አመራር ሥርዓት ኦዲተር ለመሆን የሚፈተን ሰው በአብዛኛው አይኤስኦ 22000ን መሠረት ያደረገ የጽሑፍ ፈተና ይወስዳል። በፈተናው ውስጥ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የታየ ሁኔታ ይቀርብለትና ሦስት ነገሮችን እንዲሠራ ይጠየቃል፤ ኢ-ተስማሚነት መኖሩን መወሰን፣ ክብደቱን መመደብ፣ ከዚያም መግለጫውን ወይም የማስተካከያ እርምጃውን በጽሑፍ ማስቀመጥ። ይህ ጽሑፍ ሦስቱን በአንድ የወተት ፋብሪካ ምሳሌ ያሳያል። ፋብሪካው ለምሳሌ የተፈጠረ ነው፤ የተጠቀሱት የስታንዳርዱ አንቀጾች ግን በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው እትም አንቀጾች ናቸው።

## የክብደት ደረጃዎች

የሥራ አመራር ሥርዓትን ኦዲት አድርገው የምስክር ወረቀት የሚሰጡ ድርጅቶች የሚመሩበት አይኤስኦ/አይኢሲ 17021-1 ኢ-ተስማሚነትን በሁለት ይከፍላል። ከባድ የሚባለው ሥርዓቱ የታሰበለትን ውጤት የማስገኘት አቅሙን የሚነካ ነው። ቀላል የሚባለው ይህን አቅም የማይነካው ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ያየሁት ነገር ምን ያህል ያስደነግጣል?» የሚል አይደለም። ጥያቄው «ይህ ድርጅት ደህንነቱ የተጠበቀ ምግብ ለማውጣት የዘረጋው ቁጥጥር አሁንም ይሠራል ወይ?» የሚል ነው።

ያው ስታንዳርድ ከባድ ስለሚሆኑ ሁኔታዎች ሁለት ፍንጮችን ይሰጣል። የመጀመሪያው፣ ውጤታማ የሂደት ቁጥጥር ስለመኖሩ ወይም ምርቱ የተቀመጠለትን መስፈርት ስለማሟላቱ ትልቅ ጥርጣሬ ሲኖር ነው። ሁለተኛው ብዙ ተፈታኞች የሚዘነጉት ነው፤ በአንድ መስፈርት ወይም በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የተደራረቡ ቀላል ኢ-ተስማሚነቶች ሥርዓቱ መውደቁን ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ተደምረው አንድ ከባድ ይሆናሉ። ከ14 ቴርሞሜትሮች የአንዱ የካሊብሬሽን ቀን በ9 ቀን ቢያልፍና ሲፈተሽ ትክክለኛ ንባብ ቢሰጥ፣ ቀላል ነው። ከ14ቱ 11ዱ ካለፈባቸውና ማን እንደሚከታተለው የሚያውቅ ሰው ከጠፋ ግን የጠፋው የካሊብሬሽን ሥርዓቱ ነው።

ኤፍኤስኤስሲ 22000 የተባለው የምስክር ወረቀት መርሐ ግብር ከሁለቱ በላይ ሦስተኛ ደረጃ አለው። በአማርኛ «እጅግ ከባድ» ብንለው ያስኬዳል። ይህ የሚሰጠው የምግብ ደህንነት በቀጥታ እየተነካ ድርጅቱ ተገቢውን እርምጃ ሳይወስድ በኦዲቱ ሲታይ፣ ወይም የሕጋዊነትና የምስክር ወረቀቱ ተአማኒነት ጉዳይ ሲነሳ ነው። ውጤቱም ምስክር ወረቀቱን ማገድ ነው። ተፈታኙ የሚጠቀመው ፈተናው ያስቀመጠውን አከፋፈል ነው። ጥያቄው «በአይኤስኦ 22000 መሠረት ከባድ ወይስ ቀላል?» ካለ፣ «እጅግ ከባድ» ብሎ መመለስ ነጥብ ያስቀንሳል።

ከኢ-ተስማሚነት በታች «የመሻሻል ዕድል» ወይም «ምልከታ» የሚባል ግኝት አለ። ይህ ለተረጋገጠ ጥሰት መደበቂያ አይሆንም። አንድ መስፈርት መጣሱን የሚያሳይ ማስረጃ ካለ ግኝቱ ኢ-ተስማሚነት ነው። ኦዲተሩ ለባለ ፋብሪካው አዝኖ «ምልከታ» ብሎ ሊያለዝበው አይችልም።

## ምሳሌው፦ የጥር 14 ወተት

የፈተናው ወረቀት እንዲህ ይላል እንበል። አንድ ፋብሪካ በሰዓት 5,000 ሊትር ወተት ፓስቸራይዝ ያደርጋል። የአደጋ መቆጣጠሪያ ዕቅዱ ፓስቸራይዜሽንን ወሳኝ የቁጥጥር ነጥብ ብሎታል። ወሳኙ ገደብ ቢያንስ 72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ሰከንድ ነው። ሙቀቱን አንድ መሣሪያ ያለማቋረጥ በወረቀት ላይ በመስመር ይመዘግባል፤ ኦፕሬተሩም በየ30 ደቂቃው አንብቦ በቅጽ ላይ ይጽፋል። ሙቀቱ ከገደቡ ከወረደ አንድ ቫልቭ ወተቱን ወደ ኋላ መልሶ እንደገና እንዲሞቅ ያደርጋል፤ በተጨማሪም ወተቱ እንዲያዝና ለምግብ ደህንነት ቡድን መሪ እንዲነገር ዕቅዱ ያዛል።

ኦዲተሯ ጥር 20 ቀን መዝገቦቹን ታያለች። በጥር 14 የመስመር ወረቀት ላይ ሙቀቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ10 እስከ 3 ሰዓት ከ32 ድረስ 70.6 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይታያል። የኦፕሬተሩ ቅጽ በ3 ሰዓት ተኩል ላይ «70.6» ይላል፤ ፊርማም አለው። ከዚያ ሌላ ምንም የተጻፈ ነገር የለም። ኦፕሬተሩ ሲጠየቅ «ቫልቩ ስላልዞረ ችግር ያለ አልመሰለኝም» ይላል። የፈረቃ ኃላፊው ቅጹን ፈርሟል፤ የፈረመው ግን ጥር 17 ነው። በዚያ ቀን የታሸገው ወተት በማግሥቱ ጥር 15 ለገበያ ወጥቷል። የመጠቀሚያ ጊዜው 7 ቀን ስለሆነ ጥር 21 ያበቃል። የቫልቩ መቆጣጠሪያ ሲታይ የሚዞርበት ሙቀት 70 ዲግሪ ላይ ተቀምጧል። የጥገና መዝገቡ መቆጣጠሪያው ታኅሣሥ 20 በአዲስ መተካቱን ያሳያል።

እዚህ ላይ ከምደባውም ከጽሑፉም የሚቀድም ነገር አለ። የኦዲት መመሪያ የሆነው አይኤስኦ 19011 ድንገተኛና ከፍተኛ ስጋት የሚያመለክት ማስረጃ ሲገኝ ሳይዘገይ ኦዲት ለሚደረገው ድርጅት እንዲነገር ይላል። ወተቱ ገና አንድ ቀን ስለቀረው በአንድ ሰው ቤት ሊጠጣ ይችላል። ስለዚህ ኦዲተሯ የመዝጊያ ስብሰባውን አትጠብቅም። ብዙ ተፈታኞች ወደ አንቀጽ ፍለጋ ሲሮጡ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጽፉ ያልፋሉ።

## የትኛው መስፈርት ተጣሰ?

ፈጣኑ መልስ «የክትትል ችግር ነው፤ አንቀጽ 8.5.4.3» የሚለው ነው። ስህተት ነው። ክትትሉ ሠርቷል፤ መሣሪያው መዝግቧል፣ ኦፕሬተሩም በሰዓቱ አንብቦ ያየውን እውነተኛ ቁጥር ጽፏል። ያልተሠራው ከቁጥሩ በኋላ መምጣት የነበረበት ነገር ነው። አንቀጽ 8.5.4.4 ወሳኝ ገደብ ሲጣስ የሚወሰዱት እርምጃዎች እንዲወሰኑና ደህንነቱ አጠራጣሪ የሆነ ምርት እንዳይለቀቅ ያዛል። ዕቅዱ እርምጃውን አስቀምጧል፤ ምርቱ ግን ተለቋል። የተጣሰው በትክክል ይህ ነው።

አንዳንድ ተፈታኝ ደግሞ ለፋብሪካው ይከራከርለታል። «70.6 ዲግሪም ብዙ ጀርም ይገድላል፤ ወተቱ ላይ የፎስፋቴዝ ምርመራ ተደርጎ ውጤቱ ጥሩ ቢሆን መልቀቅ ይቻላል» ይላል። የፎስፋቴዝ ምርመራ ወተቱ በበቂ ሁኔታ መሞቁን ለማወቅ የሚደረግ እውነተኛ ምርመራ ነው፤ ክርክሩም ሳይንሳዊ ይመስላል። ግን አንቀጽ 8.9.4.2 በዚህ ላይ ግልጽ ነው። በወሳኝ የቁጥጥር ነጥብ ላይ ገደቡን ያለፈ ምርት አይለቀቅም፤ ወይ እንደገና ይሠራል፣ ወይ ለሌላ አገልግሎት ይውላል፣ ወይ ይወገዳል። በሌላ ማስረጃ ወይም በናሙና ምርመራ ተመርኩዞ የመልቀቅ ዕድል የተሰጠው በኦፕሬሽናል ቅድመ ሁኔታ ፕሮግራም ሥር ላለ መመዘኛ ነው። ፈታኞች የሁለቱን ልዩነት መጠየቅ ይወዳሉ፤ በጥያቄው ውስጥ «ወሳኝ የቁጥጥር ነጥብ» የሚለው ቃል የተቀመጠውም ለዚህ ነው።

ክብደቱ ከዚህ በኋላ ብዙ አያከራክርም። አደጋውን የሚያስወግደው ዋናው ደረጃ አልሠራም፤ ራሱን የቻለው መከላከያ ቫልቭ ከገደቡ በታች ተስተካክሎ አንድ ወር ቆይቷል፤ ወተቱም ሰው እጅ ገብቷል። በአይኤስኦ 22000 አከፋፈል ከባድ ነው። በኤፍኤስኤስሲ 22000 ከሆነ፣ ፋብሪካው ሲነገረው ምን አደረገ የሚለው ይታያል፤ ወተቱን ለመሰብሰብ ካልተንቀሳቀሰ ወደ እጅግ ከባድ ይሄዳል።

ከባድ ተብሎ ሲመደብ የሚያስከትለው ነገርም አለ። የምስክር ወረቀት ሰጪው ድርጅት ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት እርማቱንና የማስተካከያ እርምጃውን አይቶ መቀበልና መፈጸሙን ማረጋገጥ አለበት። ለቀላሉ ግን የቀረበለትን ዕቅድ መቀበል ይበቃዋል። ተፈታኙ «ከባድ» ብሎ ሲጽፍ አንድ ሰው ተመልሶ ፋብሪካው ውስጥ ወይም በሰነድ እንዲያረጋግጥ እያዘዘ ነው ማለት ነው።

## የኢ-ተስማሚነት መግለጫ

መግለጫው ሦስት ነገሮችን ይይዛል። ምን መሆን ነበረበት፣ ምን ሳይሆን ቀረ፣ ይህን በምን አወቅን። ለምሳሌያችን እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«መስፈርት፦ አይኤስኦ 22000፡2018 አንቀጽ 8.5.4.4 ወሳኝ ገደብ ሲጣስ ደህንነቱ አጠራጣሪ የሆነ ምርት እንዳይለቀቅ ድርጅቱ እንዲያረጋግጥ ያዛል። ኢ-ተስማሚነት፦ በፓስቸራይዜሽን ወሳኝ የቁጥጥር ነጥብ ላይ ገደቡ ተጥሶ ምርቱ አልተያዘም፤ ተለቋል። ማስረጃ፦ የጥር 14 የሙቀት መስመር ወረቀት ከጠዋቱ 3፡10 እስከ 3፡32 ድረስ 70.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያሳያል፤ በአደጋ መቆጣጠሪያ ዕቅዱ የተቀመጠው ገደብ 72 ዲግሪ ነው። የኦፕሬተር ቅጹ በ3፡30 ላይ 70.6 ይላል። ምርቱ ስለመያዙ መዝገብ የለም። የስርጭት መዝገቡ ምርቱ ጥር 15 መውጣቱን ያሳያል። ክብደት፦ ከባድ።»

መግለጫው ውስጥ የሌለውን ማየትም ይጠቅማል። የኦፕሬተሩ ስም የለም። «ግዴለሽነት» የሚል ቃል የለም፤ ምክንያቱም ግዴለሽነትን ያየ ማንም የለም፤ የታየው ወረቀት ነው። የቫልቩ ነገር እንኳ እንደ ምክንያት አልተጻፈም። 17021-1 የምስክር ወረቀት ኦዲተር የኢ-ተስማሚነትን ምክንያት ወይም መፍትሔ ከመጠቆም እንዲቆጠብ ይላል። መፍትሔውን የሰጠ ሰው ነገ ተመልሶ የራሱን ሐሳብ ሊመዝን ነውና። የቫልቩ 70 ዲግሪ ላይ መቀመጥ በራሱ የታየ ማስረጃ ስለሆነ በማስረጃነት ሊጨመር ይችላል፤ «ስለዚህም ነው» ተብሎ ግን አይያያዝም።

«የፓስቸራይዜሽን ቁጥጥር ደካማ ነው» የሚለው ዓይነት መግለጫ በፈተና ላይ በብዛት ይታያል። ፋብሪካው «የት? መቼ?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ የለውም። ጥሩ መመዘኛ ይኸው ነው፤ በቦታው ያልነበረ ሰው መግለጫውን ይዞ ሄዶ ያንኑ ወረቀት ማግኘት ከቻለ መግለጫው በቂ ነው።

## እርማት እና የማስተካከያ እርምጃ

በአማርኛ ሁለቱ ቃላት ስለሚቀራረቡ መምታታታቸው የሚጠበቅ ነው። በስታንዳርዱ ግን የተለያዩ ናቸው። እርማት የተገኘውን ኢ-ተስማሚነት ማስወገድ ነው። የማስተካከያ እርምጃ የኢ-ተስማሚነቱን ምክንያት አስወግዶ እንዳይደገም ማድረግ ነው። ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው ነገሩ የታወቀ ነው፤ የተንጠለጠለውን ሰርቨር አጥፍቶ ማስነሳት እርማት ነው፤ ሜሞሪውን የሚበላውን የኮድ መስመር ማግኘት ሌላ ሥራ ነው።

የማስተካከያ እርምጃ ጻፉ የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው የሚመጣው ተፈታኙ እንደ ውስጥ ኦዲተር ወይም እንደ ምግብ ደህንነት ቡድን መሪ ሲታሰብ ነው። ለውጭ ኦዲተር ፈተና ደግሞ ፋብሪካው የላከው መልስ ይሰጥና «ትቀበያለሽ ወይስ አትቀበይም? ለምን?» ተብሎ ይጠየቃል። ለሁለቱም የሚያስፈልገው እውቀት አንድ ነው።

### እርማቱ ምን ያህል ወተት ይነካል?

በችኮላ የሚሠራው ስሌት 22 ደቂቃ በሰዓት 5,000 ሊትር፣ ወደ 1,833 ሊትር ይሆናል የሚለው ነው። ስሌቱ ልክ ነው፤ መልሱ ግን ልክ አይደለም። ፓስቸራይዝ የተደረገው ወተት ወደ አንድ ማጠራቀሚያ ታንክ ይገባል። በደንብ ያልሞቀው ወተት በደንብ ከሞቀው ጋር ተቀላቅሏል። ስለዚህ የሚነካው ታንኩ ጥር 14 ከመሞላቱ ጀምሮ ባዶ ሆኖ እስኪታጠብ ድረስ የታሸገው ሁሉ ነው። ማሸጊያው ላይ ያለው የምድብ ቁጥር ይህን ካልለየ ደግሞ የቀኑ ምርት በሙሉ ይሰበሰባል።

ሌላም አለ። ቫልቩ 70 ላይ የተቀመጠው ታኅሣሥ 20 ከሆነ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያሉት የመስመር ወረቀቶች ሁሉ መታየት አለባቸው። ጥር 14 የታወቀው ኦዲተሯ ያቺን ወረቀት ስለመዘዘች ብቻ ሊሆን ይችላል። አንቀጽ 10.1 ተመሳሳይ ኢ-ተስማሚነት ሌላ ቦታ መኖር አለመኖሩ እንዲታይ የሚያዘው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

ስለዚህ እርማቱ በአጭሩ እንዲህ ይጻፋል፦ «ከጥር 14 ታንክ የታሸገው ወተት ዛሬ ጥር 20 ከመጋዘንና ከሱቆች እንዲሰበሰብ ትእዛዝ ተሰጥቷል፤ የተመለሰው ተለይቶ ተይዟል፣ ይወገዳል። ቫልቩ የሚዞርበት ሙቀት ተስተካክሎ ወተቱን ከ72 ዲግሪ በታች እንደሚመልስ በሙከራ ታይቷል። ከታኅሣሥ 20 ጀምሮ ያሉ የመስመር ወረቀቶች በሙሉ በምግብ ደህንነት ቡድኑ እስከ ጥር 21 ይመረመራሉ።»

### ምክንያቱን መፈለግ

ከፋብሪካዎች በብዛት የሚላከው መልስ «ኦፕሬተሩ ሥልጠና ተሰጥቶታል» የሚለው ነው። ፈታኞችም ይህንን መልስ ለመጣል ዝግጁ ሆነው ይጠብቃሉ። በምሳሌያችን ለምን እንደማይሠራ ማየት ቀላል ነው። ኦፕሬተሩ ቁጥሩን በትክክል አንብቧል፣ በትክክልም ጽፏል። ቫልቩን አመነ፤ ማመኑም ያስተዋለ ሰው የሚያደርገው ነው። ነገ ሠልጥኖ ቢመጣ ቫልቩ አሁንም በማን እንደሚስተካከል አያውቅም።

እዚህ «ለምን?» ብሎ ደጋግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሁለት የተለያዩ ክሮችም አሉ። የመጀመሪያው ወተቱ ለምን ወደ ኋላ አልተመለሰም የሚለው ነው። ቫልቩ 70 ላይ ስለነበረ። ለምን 70 ላይ ሆነ? አዲሱ መቆጣጠሪያ ከፋብሪካው በመጣበት ልክ ስለተገጠመ። ለምን ማንም አላስተካከለውም? የጥገና ክፍሉ የሥራ ትእዛዝ ቅጽ በወሳኝ የቁጥጥር ነጥብ ላይ ያለ መሣሪያ ሲቀየር ለምግብ ደህንነት ቡድኑ ንገር የሚል ነገር ስለሌለው። እዚህ ላይ መቆም ይቻላል። አንቀጽ 7.4.3 የመሣሪያ ለውጥን ጨምሮ የተለያዩ ለውጦች በወቅቱ ለቡድኑ እንዲነገሩ ያዛል፤ ፋብሪካው ለዚህ የሚሆን መንገድ አልዘረጋም።

ሁለተኛው ክር ስህተቱ ከተመዘገበ በኋላ ወተቱ ለምን ወጣ የሚለው ነው። መዝገቡን የሚያየው ሰው ያየው ምርቱ ከወጣ ከሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ ነው። ለምን? የፈረቃ ኃላፊው ቅጾችን በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲፈርም ስለተመደበ፣ ወተቱ ደግሞ በማግሥቱ ስለሚወጣ። ቅጹም ገደቡን አያሳይም፤ ቁጥሩ ከገደቡ ሲያንስ ምን ይደረግ የሚል ቦታም የለውም።

ሁለቱን ክር ወደ አንድ ጠቅልሎ «የግንኙነት ክፍተት» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው ስያሜ የትኛውንም ምክንያት አያስወግድም፤ ምክንያቱም የትኛውን ቅጽ፣ የትኛውን ቀን፣ የማንን ሥራ እንደሚለውጥ አይናገርም።

### የተጻፈ የማስተካከያ እርምጃ

ከላይ ካለው የሚወጣው የማስተካከያ እርምጃ መግለጫ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«አንድ፦ በወሳኝ የቁጥጥር ነጥብ ላይ ያለ ማንኛውም መሣሪያ ሲተካ ወይም ሲስተካከል የጥገና ሥራ ትእዛዙ በምግብ ደህንነት ቡድን መሪ ሳይፈረም እንዳይዘጋ የሥራ ትእዛዝ ቅጹ ይለወጣል። ፊርማው የሚሰጠው ቫልቩ በገደቡ ላይ መዞሩ በሙከራ ከታየ በኋላ ነው። ኃላፊ፦ የጥገና ክፍል ኃላፊ፤ እስከ ጥር 30። ሁለት፦ የፓስቸራይዜሽን ቅጽና የመስመር ወረቀት ምርቱ ከመውጣቱ በፊት በየቀኑ ይመረመራሉ፤ የመልቀቂያ ፊርማ የሌለው ምድብ ከመጋዘን አይወጣም። ቅጹ ወሳኙን ገደብና ገደቡ ሲጣስ የሚወሰደውን እርምጃ እንዲያሳይ ይታተማል። ኃላፊ፦ የጥራት ክፍል ኃላፊ፤ እስከ ጥር 27። ሦስት፦ ከታኅሣሥ 20 በፊትም ሆነ በኋላ የተተኩ ሌሎች መቆጣጠሪያዎች፣ የማቀዝቀዣ ክፍሎቹን ጨምሮ፣ የተስተካከሉበት ሙቀት ከዕቅዱ ጋር ይመሳከራል።»

ሥልጠና በዚህ ውስጥ አይከለከልም። ቅጹ ሲለወጥ ኦፕሬተሮቹ አዲሱን ቅጽ ማወቅ አለባቸው። ልዩነቱ ሥልጠናው የተለወጠን አሠራር ተከትሎ መምጣቱ ነው።

## የተላከ መልስን መመዘን

ፈተናው የፋብሪካውን መልስ አቅርቦ ውሳኔ ሲጠይቅ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ ግማሽ ትክክል ሆኖ ነው የሚቀርበው። ለምሳሌ ፋብሪካው «ቫልቩን ወደ 72 አስተካክለናል፤ የጥር 14 ወተት ተሰብስቧል፤ ኦፕሬተሩና የፈረቃ ኃላፊው ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል» ቢል፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥሩ እርማቶች ናቸው። የማስተካከያ እርምጃ ግን የለም። ማስጠንቀቂያው ምክንያቱን አላገኘም፤ ይባስ ብሎም የሚቀጥለው ኦፕሬተር 70.6 ሲያነብ 72.1 ብሎ እንዲጽፍ ሊገፋው ይችላል። ታማኝ መዝገብ ያስያዘ ሰው ሲቀጣ መዝገቡ ታማኝ መሆኑን ያቆማል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ኦዲተሯ ችግሩን ልታገኝ የቻለችው ቁጥሩ እውነት ስለነበረ ነው።

ተቀባይነት ያለው መልስ የሚከተሉትን ይመልሳል፤ ምክንያቱ ተለይቷል ወይ፣ እርምጃው ያንን ምክንያት ይነካል ወይ፣ ሌላ ቦታ መኖሩ ታይቷል ወይ፣ ውጤታማነቱስ በምን ይታወቃል። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ባዶ ይቀራል ወይም «ክትትል ይደረጋል» ተብሎ ይታለፋል። ለምሳሌያችን የሚሆነው ማረጋገጫ ሊቆጠር የሚችል ነው፦ በሚቀጥሉት 3 ወራት በወሳኝ የቁጥጥር ነጥብ መሣሪያዎች ላይ የተዘጉ የጥገና ትእዛዞች በሙሉ የቡድን መሪው ፊርማና የሙከራ ውጤት እንዳላቸው ማየት፤ በተጨማሪም ከገደብ በታች የተመዘገበ ንባብ ካለ ያ ምድብ መያዙን በመልቀቂያ መዝገቡ ማመሳከር። በ3 ወር ውስጥ ምንም ትእዛዝ ካልተዘጋ ማረጋገጫው አልተደረገም ማለት ነው፤ ጊዜው ይራዘማል እንጂ «ችግር አልታየም» ተብሎ አይዘጋም።